መጥረቢያውን ከላይ እዩት፤ የጦር ነው ወይስ የእንጨት?

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሱቃችን መጣ። ሱቃችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፤ ከፖስታ ቤት ብዙም አይርቅም። አሮጌ መስቀል፣ ጋሻ፣ የብር ጌጥ፣ ጀበና እንሸጣለን፤ ሰው ሲያመጣም እንገዛለን። ልጁ ጆንያውን ፈታና አንድ መጥረቢያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ የአያቴ አባት የጦር መጥረቢያ ነው። ማይጨው ይዞት ዘምቷል ይባላል» አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አንዱ ከአያቱ ቤት ያገኘውን ያመጣል። ሌላው ከመርካቶ «ጥንታዊ የጦር መሣሪያ» ተብሎ በውድ የገዛውን ያመጣል። ሁሉም የሚያዩት ስለቱን ነው። መጀመሪያ የሚታየው ግን ስለት አይደለም። የጦር መጥረቢያና የእንጨት መጥረቢያ የሚለያዩት ከጎን ሲታዩ ሳይሆን ከላይ ሲታዩ ነው። ቀጥሎ ያለው ያን ቀን ከልጁ ጋር ደረጃ በደረጃ ያደረግነው ነው። ቤታችሁ መጥረቢያ ካለ አብራችሁ ሞክሩት። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የወጥ ቤት ሚዛንና አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ካሊፐር ካላችሁ ሥራው ይቀላል። ከሌላችሁም ማስመሪያ ይበቃል።

አንደኛ፦ ከላይ ተመልከቱ

መጥረቢያውን በዛቢያው ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ብረቱ ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ ከአናቱ በላይ ጎንበስ ብላችሁ ወደ ታች እዩት። አሁን የምታዩት የብረቱን ውፍረት ነው። በአንድ በኩል ጀርባው አለ። መሃል ላይ ዛቢያው የሚገባበት ዓይን አለ። ከዓይኑ ወደ ስለቱ የሚሄደውን ክፍል እኛ ጉንጭ እንለዋለን። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጉንጭ ላይ ነው።

የእንጨት መጥረቢያ ጉንጩ ሽብልቅ ነው። ከዓይኑ ጀምሮ እስከ ስለቱ ድረስ ቀስ እያለ ይሳሳል። መሃል ላይ ሲደርስ እንኳን ገና ወፍራም ነው። የጦር መጥረቢያ ግን ከዓይኑ እንደወጣ ወዲያው ይሳሳል። ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ወፍራሙ ብረት ያልቅና ቀሪው እንደ ሰፊ ቢላዋ ሆኖ ይሄዳል። ከጎን ብታዩት ትልቅና አስፈሪ ነው። ከላይ ብታዩት ግን ቀጭን መስመር ነው።

በሰሜን አውሮፓ ከ1,000 ዓመት በፊት የነበሩት ሰፋፊ የጦር መጥረቢያዎች ለዚህ ምርጥ ምሳሌ ናቸው። የዴንማርክ መጥረቢያ የሚባሉት ማለቴ ነው። ስለታቸው ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የጉንጫቸው ብረት ግን ብዙ ቦታ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ወደ ስለቱ ሲደርስ ትንሽ ወፈር ይላል። እዚያ ላይ አንጥረኛው ጠንካራ ብረት ስለሚበይድበት ነው። 2 ሚሊ ሜትር ማለት እኮ የጥሩ ድስት ታች ያህል ነው። መጥረቢያ ሲባል እንዲህ የሳሳ ነገር ወደ ሰው ሐሳብ አይመጣም።

የልጁን መጥረቢያ በሦስት ቦታ ለካነው። ዓይኑ ላይ ከጎን ወደ ጎን 38 ሚሊ ሜትር። ከስለቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ 18 ሚሊ ሜትር። ከስለቱ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ 38፣ 18፣ 7 እያለ በእርጋታ ነው የወረደው። ሽብልቅ ነው። የጦር ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቁጥር 3 ወይም 4 ይሆን ነበር።

እናንተም እነዚህን ሦስት ቦታዎች ብቻ ለኩ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ ይህ አንዱ ይበቃል።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ልጁ «ቀጭኑ ይበልጥ አይቆርጥም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማሳየት ከሱቃችን ጀርባ ወዳለው ግቢ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ለእንጀራ ጋጋሪዎች እንጨት የሚፈልጡ አንድ ሰውዬ አሉ። ባሕር ዛፍ ነው የሚፈልጡት። ግንዱን ጉቶ ላይ ያቆሙታል። መጥረቢያውን ያነሱና ይለቁታል። ስለቱ እንጨቱ ውስጥ የሚገባው ሦስት አራት ጣት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንጨቱን የሚሰነጥቀው ስለቱ አይደለም፤ ጉንጩ ነው። ወፍራሙ ብረት ሲገባ ጭረቱን ወደ ግራና ቀኝ ይገፋዋል። ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፍልጡም ሁለት ቦታ ይወድቃል። ስለቱ ገና ታች ሳይደርስ እንጨቱ ተከፍሎ አልቋል።

«ጋሼ፣ በቀጭን መጥረቢያ ቢፈልጡትስ?» አልኳቸው።

«ይነክሰዋላ!» አሉኝ። «እንጨቱ ነክሶ ይይዘዋል። ስትጎትተው ትውላለህ።»

ትክክል ነው። ቀጭን ብረት ባሕር ዛፍ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ግን ምንም አይገፋም። እንጨቱ ተመልሶ ይጨብጠዋል። ለማውጣት ግራና ቀኝ ስትነቀንቁት ቀጭኑ ጉንጭ ይጣመማል። ቋጠሮ ላይ ካረፈ ደግሞ ስለቱ ይሸረፋል።

ሰውና እንጨት ግን አንድ አይደሉም። የጦር መጥረቢያ የሚያርፈው ልብስ፣ ቆዳ፣ ሥጋና አጥንት ላይ ነው፤ ወይም የእንጨት ጋሻ ላይ። እነዚህን ለመቁረጥ መግፋት አያስፈልግም፤ ጠልቆ መግባት ይበቃል። ስለዚህ አንጥረኛው ወፍራሙን ብረት ከጉንጩ ቀንሶ ስለቱን ያሰፋበታል። ሰፊ ስለት ደግሞ ጥቅም አለው። የሚመታው ሰው ይንቀሳቀሳል፤ እንደ ግንድ ቆሞ አይጠብቅም። ስለቱ ሲረዝም የመሳት ዕድሉ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፦ የስለቱን ርዝመትና ጥጎቹን ለኩ

ሜትሩን ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ጥግ ዘርጉት። ተራ የእንጨት መጥረቢያ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የልጁ 11 ነበር።

የስለቱ ርዝመት ብቻውን ግን ያሳስታል። ሰፊ ስለት ያለው የአናጢ መጥረቢያም አለ። ይህ ግንድ ለመጥረብና ጎኑን ጠፍጣፋ ለማድረግ የሚሠራ ነው። ስለቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከጎን ላየው ሰው ቁርጥ የጦር መጥረቢያ ይመስላል። ሁለቱን የሚለየው ሞረድ የነካው ጎን ነው። የአናጢ መጥረቢያ የሚሳለው ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው። ሌላው ጎን እንደ መላጊያ ብረት ጠፍጣፋ ነው፤ እንጨቱን ተደግፎ እንዲሄድ። የጦር ግን በሁለቱም ጎን እኩል ይሳላል። ጣታችሁን በጥንቃቄ ከጉንጩ ወደ ስለቱ አንሸራትቱ፤ መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። አንዱ ጎን ተዳፋት ሆኖ ሌላው ቀጥ ያለ ከሆነ በእጃችሁ ያለው የአናጢ ዕቃ ነው።

ሁለቱ ጎን ለጎን የሚታዩበት አንድ ጥልፍ አለ። ፈረንሳይ አገር ባለችው በባዩ ከተማ ስም ይጠራል። 70 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ረጅም ጨርቅ ነው። በፈረንጆቹ 1066 የሆነውን የሄስቲንግስን ጦርነት በክር ይተርካል። በአንዱ ክፍል ሰዎች ለመርከብ ዛፍ ሲቆርጡና ሳንቃ ሲጠርቡ ይታያሉ። በሌላው ክፍል የእንግሊዝ ተዋጊዎች ረጅም ዛቢያ ያለው ሰፊ መጥረቢያ በሁለት እጃቸው ይዘው ይዋጋሉ። ጠላፊዎቹ መጥረቢያዎቹን አላምታቱም። ዛፍ ቆራጩ የያዘው ሌላ፣ ተዋጊው የያዘው ሌላ ነው። ያን ዘመን የኖረ ሰው ሁለቱን እኛ ማንኪያና ሹካ እንደምንለየው ይለያቸው ነበር።

ታችኛውን ጥግም እዩት። አንዳንድ መጥረቢያ ታችኛው ጥጉ ወደ ዛቢያው አቅጣጫ ወረድ ይላል። ጺም ይባላል። ጺም ያለው ሁሉ ግን የጦር አይደለም። ተዋጊው በጺሙ የጠላቱን ጋሻ ጠርዝ ስቦ ያወርድበታል። አናጢው ደግሞ እጁን ከጺሙ ጀርባ አስጠግቶ ይይዝና በዝግታ ይጠርብበታል። ስለዚህ ጺም ስታዩ አትቸኩሉ፤ ወደ ውፍረቱ ተመለሱ።

ሁለት ስለት ያለውን መጥረቢያም እዚሁ ልጨርሰው። በፊልምና በጌም የለመዳችሁት፣ በግራም በቀኝም ስለት ያለው ማለቴ ነው። ወጣቶች ሱቅ ገብተው «የጦር መጥረቢያ አለ?» ሲሉ እሱን ነው በሐሳባቸው የሚያዩት። እንዲህ ያለውን መጥረቢያ በብዛት የሠሩትና የተጠቀሙበት ግን የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ቆራጮች ናቸው። አንዱን ስለት አሹለው ለንጹሕ እንጨት ያስቀምጡታል። ሌላውን ወፈር አድርገው ለቋጠሮና ለሥር ያውሉታል። አንዱ ሲደንዝ ዛቢያውን ማዞር ነው። ለተዋጊ ግን ሁለተኛው ስለት ትርፍ ክብደት ነው።

ሦስተኛ፦ ጀርባውን እዩት

ይህ አጭር ነው። ጀርባው ላይ የመዶሻ ምት ምልክት ካለ፣ ጠርዙ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ወደ ውጭ ከተገለበጠ፣ መጥረቢያው ግንድ ሲፈልጥ ኖሯል። እንጨት ነክሶ ሲይዘው በጀርባው ላይ በሌላ መዶሻ ይመቱታል። የሽብልቅ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። የልጁ መጥረቢያ ጀርባ በአንድ በኩል ግማሽ ጣት ያህል ተገልብጦ ነበር። የሰሜን አውሮፓው ዓይነት የጦር መጥረቢያ ጀርባው ቀጭን ነው፤ በዓይኑ ዙሪያ የሚዞር ብረት ብቻ ነው። ብትመቱበት ዓይኑ ይሰነጠቃል።

አራተኛ፦ ብረቱን ብቻ መዝኑ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጦር መጥረቢያ ከባድ ይመስለዋል። ልጁም መጥረቢያውን ሲያነሳልኝ «ክብደቱን እየው ጋሼ፤ ለጦር ካልሆነ ለምን ይሄን ያህል ይከብዳል?» ብሎኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የከበደው የእንጨት ነው።

እንጨት ፈላጩ አንዴ ከመታ በኋላ ቆም ይላል። ላቡን ይጠርጋል፣ ቀጣዩን ግንድ ያቆማል። መጥረቢያው ከብዶ በራሱ ቢወርድለት ይጠቅመዋል። ተዋጊ ግን ከሳተ መሣሪያውን ወዲያው መልሶ ማንሳት አለበት። ከባድ ብረት አንዴ ከተለቀቀ መሬት ሳይነካ አይቆምም። እስኪመለስ ድረስ ደግሞ ባለቤቱ ተጋልጧል። ስለዚህ ብዙ የጦር መጥረቢያ ብረቱ ብቻ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚያ የከበዱም ነበሩ፤ በተለይ በሁለት እጅ የሚያዙት። የተለመደ የዛፍ መቁረጫ ግን ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ይደርሳል። ለመፍለጥ ብቻ የሚሠራው ሦስት ኪሎም ያልፋል።

አስቸጋሪው ነገር ብረቱን ከዛቢያው ማውለቅ ነው። አሮጌ ዕቃ ከሆነ አታውልቁት። ዛቢያውን ትሰብሩታላችሁ። እኛ ሱቅ ውስጥ የምንጠቀምበት ዘዴ ይኸው።

ባልዲ ውስጥ ውሃ ጨምሩና ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። መጥረቢያውን በዛቢያው ይዛችሁ ብረቱን ብቻ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውሃው የብረቱን ጫፍ እስኪሸፍን ብቻ ይሁን፤ ዛቢያው አይግባ። ብረቱ የባልዲውን ታችም ሆነ ጎን መንካት የለበትም። ከነካ ቁጥሩ ይበላሻል። እጃችሁን አርግታችሁ ሚዛኑን አንብቡ። የጨመረው ግራም የብረቱ ይዘት ነው፤ 1 ግራም ለ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ። ብረት ከውሃ 7.85 እጥፍ ስለሚከብድ ቁጥሩን በ7.85 ታባዛላችሁ።

አንድ ነገር መቀነስ አለበት። ዓይኑ ውስጥ ያለው እንጨትም ቦታ ይዟል። የልጁ መጥረቢያ ዓይን ሞላላ ነበር። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 2.5፣ ከላይ እስከ ታች ቁመቱ 6.5 ሴንቲ ሜትር። ሞላላ ስለሆነ ሦስቱን አባዝተን በ0.8 መታነው፤ 52 መጣ። ሚዛኑ 245 ግራም አንብቦ ነበር። 245 ሲቀነስ 52፣ 193። በ7.85 ሲባዛ 1,515 ግራም። አንድ ኪሎ ተኩል ማለት ነው። መጥረቢያው ከነዛቢያው 2 ኪሎ ከ150 ግራም ነበር፤ ስለዚህ ለዛቢያው 635 ግራም ቀረለት። ለዚያ ርዝመት ባሕር ዛፍ የሚሆን ክብደት ነው። ሒሳቡ ተገናኘ።

ከጨረሳችሁ በኋላ ብረቱን ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉትና ትንሽ ዘይት ቀቡት። ዝገቱ ቅጠል ቅጠል እያለ የሚላጥ ከሆነ ግን ይህን ዘዴ ጭራሽ አትሞክሩት። ውሃ ዝገቱ ስር ይገባል።

ለማነጻጸር አንድ የታወቀ ዕቃ ልጥቀስ። በፈረንጆቹ 2011 በደቡብ ኖርዌይ፣ ላንጌይድ በሚባል ቦታ፣ ከመቃብር የወጣ ሰፊ የጦር መጥረቢያ አለ። አሁን ዝገት በልቶት 550 ግራም ይመዝናል። አጥኚዎቹ ሲሠራ 800 ግራም አካባቢ ነበር ብለው ገምተዋል። ዛቢያውን ደግሞ ወደ 110 ሴንቲ ሜትር አድርሰውታል። የልጁ መጥረቢያ ብረት የዚያን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ስለቱ ግን ከእሱ በጣም ያጥራል። ለእኔ ልዩነቱን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

አምስተኛ፦ ዛቢያውን ለኩ፤ ግን አትመኑት

ዛቢያ መጨረሻ ላይ የመጣው በምክንያት ነው። ብረት ትውልድ ይሻገራል፤ ዛቢያ ግን ይሰበራል። የልጁን ዛቢያ ያስገባው አባቱ ነው። ባሕር ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ገና ነጣ እንዳለ ነው። ስለ ማይጨው ምንም ሊነግረን አይችልም። ከብረት በፊት ዛቢያ አይቶ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈርደው ባለፈው ዓመት በገባ እንጨት ላይ ነው። የላንጌይዱ ዛቢያ ቁራጭ እንኳን ሊተርፍ የቻለው በመዳብ ቅልቅል ቀለበት ስለታሰረ ነው። መዳብ እንጨት የሚያበሰብሱ ተሕዋስያንን ይገድላል።

ቢሆንም ርዝመቱ አንድ ነገር ይናገራል። በሁለት እጅ የሚያዝ የእንጨት መጥረቢያ ዛቢያው ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። የልጁ 78 ነበር። በሁለት እጅ የሚያዘው የጦር መጥረቢያ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያም የረዘመ አለ። መሬት ላይ ብታቆሙት ከወገብ ያልፋል፤ አንዳንዱ ደረት ይደርሳል። ተዋጊው ጠላቱን ራቅ አድርጎ ማስቀረት ይፈልጋል። በአንድ እጅ የሚያዘው የጦር መጥረቢያ ግን አጭር ነው፤ በሌላው እጅ ጋሻ አለና። ስለዚህ «ረጅም ከሆነ የጦር፣ አጭር ከሆነ የእንጨት» የሚባል ሕግ የለም።

እንጨት ፈላጭ 120 ሴንቲ ሜትር ቢይዝ ምን ይሆናል? ምቱን ማነጣጠር ያቅተዋል። ስንጥቁን ሁለተኛ ጊዜ እዚያው ቦታ ማግኘት አለበት፤ ዛቢያ ሲረዝም ደግሞ ጫፉ ይዋልላል። በጣም አጭር ዛቢያ ግን ከዚያ የባሰ አደጋ አለው። በ80 ሴንቲ ሜትሩ ስትመቱና ስትስቱ ስለቱ ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ያርፋል። በ45 ሴንቲ ሜትሩ ብትስቱ ግን ስለቱ በክብ ዞሮ ወደ ቅልጥማችሁ ይመጣል። አጭር መጥረቢያ ስለያዛችሁ አትዘናጉ፤ ስትፈልጡ ጉቶውን ከፍ አድርጉት፣ ወይም ተንበርከኩ።

የዛቢያውን ጫፍም እዩ። የእንጨት ዛቢያ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ እብጥ ይላል፤ አንዱ እጅ ከላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ ስለሚመጣ እዚያ እንዲቆም ነው። የጦር ዛቢያ ቀጠን ያለና ቀጥ ያለ ይሆናል።

ሁለቱንም ያልሆነ ሦስተኛ ዓይነት

አሁን ገበያ ላይ ብዙ ያለው ይሄ ነው፤ ሰውም ገንዘቡን የሚበላው በዚህ ነው። ለጌጥ የተሠራ መጥረቢያ ማለቴ ነው። ሠሪው ስለቱን ሰፊ ያደርገዋል፣ ቆዳ ይጠመጥምበታል፣ በአሲድ ያዝገዋል። ሠሪውን አልወቅስም፤ ጌጥ ብሎ ከሸጠው ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ «የአድዋ ነው» ሲባል ነው።

በነገራችን ላይ ይህ አባባል ራሱ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። የእኛ ተዋጊ የታወቀው በጦር፣ በጋሻ፣ በጎራዴ፣ በሾተልና በኋላ በጠመንጃ ነው። ሰፊ ስለት ያለው የጦር መጥረቢያ ከላይ እንዳየነው በሰሜን አውሮፓ የታወቀ ነው። እሱን የሚመስል ዕቃ «ከአድዋ ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ቅርጹን ጠይቁ።

የሚለየው እንደገና ከላይ በማየት ነው። የጌጡ መጥረቢያ ከላሜራ ተቆርጦ ስለሚሠራ ውፍረቱ ከዓይኑ ሥር እስከ ስለቱ አንድ ዓይነት ነው። ለምሳሌ 6፣ 6፣ 6 ብሎ መጨረሻ ላይ በሞላ ማሽን ተስሎ ይሳሳል። ሽብልቅም አይደለም፤ ቶሎ የሚሳሳውም አይደለም። ዓይኑ ብዙ ጊዜ የተበየደ የቱቦ ቁራጭ ነው። ዓይኑና ጉንጩ የሚገናኙበትን መስመር በጥፍራችሁ ዳስሱ። የብየዳ እብጠት ወይም እሱን ለማጥፋት የተፈጨበት ጭረት ታገኛላችሁ። ክብደቱም ያጋልጠዋል። ስለቱ ሰፊ፣ ውፍረቱ ወጥ ስለሆነ ሁለት ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ለጦር ይከብዳል፤ ለእንጨት ጉንጩ አይገፋም።

ምናለሽ ተራ ከባሌስትራ የሚሠራ እውነተኛ የእንጨት መጥረቢያ ግን ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱ አዲስም ቢሆን የሥራ ዕቃ ነው። ሦስቱን ቁጥር ለኩ፤ ቀስ እያለ ከወረደ ግዙት፣ ይፈልጥላችኋል።

የልጁ ነገር እንዴት አለቀ

38፣ 18፣ 7። ስለት 11። የተቀጠቀጠ ጀርባ። አንድ ኪሎ ተኩል። ዛቢያ 78። ሁሉም አንድ አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፤ የእንጨት መጥረቢያ ነው። ነገርኩት። ፊቱ ወረደ።

«ታዲያ ቤተሰቤ የሚያወራው ውሸት ነው?» አለኝ።

አይደለም፤ ቢያንስ መጥረቢያው እንዲያ አላለም። መጥረቢያው የተናገረው ለምን ሥራ እንደተሠራ ብቻ ነው። ማን ይዞት የት እንደሄደ ሚዛንና ሜትር አይናገሩም። ዘማች ደግሞ ማገዶ ይቆርጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ አጥር ያጥራል። ቅድመ አያቱ ይህን ይዘው ዘምተው ሊሆን ይችላል፤ ለዚሁ ሥራ። ይህንንም ነገርኩት።

ልገዛው እንደማልፈልግም ነገርኩት። ለእኔ ሱቅ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለእነሱ ቤት ግን ሌላ ነው። ስለቱ ላይ ሁለት ቦታ ሽርፍ ነበረበት፤ በሞላ ሳይሆን በእጅ ሞረድ፣ ከሁለቱም ጎን እኩል እንዲያስተካክለው አሳየሁት። ሞላ ብረቱን አግሎ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ዛቢያው ላላ ብሎ ስለነበር ከመጠቀሙ በፊት አዲስ የወይራ ሽብልቅ ከላይ እንዲያስገባበት ነገርኩት። ጆንያውን መልሶ ጠቀለለና ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ሽቅብ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። እናቱ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ሊደፉ ነበር። እንጨቱን የፈለጠው እሱ ነው፤ በዚያው መጥረቢያ።